ፎቶው ላይ ያለችው ንብ ናት?

መስከረም ሲጠባ የጎንደር ዙሪያ ዳገትና ማሳ በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል። ስልክ የያዘ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። አበባው ላይ ያረፈች ቡናማ ባለ መስመር ነፍሳት ካለች ወዲያው «ንብ» ተብላ ትለጠፋለች። ብዙ ጊዜ ግን ዝንብ ናት።

የአበባ ዝንብ እንበላት። አትናደፍም፤ መናደፊያም የላትም። ንብ መምሰሏ ራሱ መከላከያዋ ነው፤ ተነድፎ የሚያውቅ ወፍ ስለሚርቃት። ከእነዚህ አንዷ ዓይነት በመጠንም በቀለምም ንብን ቁርጥ ናት፤ ትሏ ግን የሚያድገው በቆሸሸ የረጋ ውሃ ውስጥ ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ ክንፍ ቁጠር ነው። ንብ አራት፣ ዝንብ ሁለት። እውነት ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ብዙም አይረዳም። የንብ የኋላ ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆዎች ከፊተኛው ጋር ስለሚያያዝ ሁለቱ አንድ ክንፍ ይመስላሉ። እኔ ፎቶውን አጉልቼ በቀጥታ ወደ ጭንቅላቱ እሄዳለሁ።

ከግንቡ አጥር አጠገብ አደይ ላይ ያነሳኋቸው ሁለት ፎቶዎች አሉኝ። በመጀመሪያው ላይ ደረቷ ጸጉራም፣ ሆዷ ቡናማ፣ ጎንና ጎኑ ብርቱካንማ ነው። ንብ ብዬ ነበር። ሳጎላው አንቴናዋ ከግንባሯ ላይ እንደ ጉጥ አጭር ነው፤ ዓይኖቿ ጭንቅላቷን ሊሞሉት ምንም አልቀራቸውም። ክንፎቿ ወደ ጎን ተከፍተዋል። እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት አለ፤ ግን የተበተነ ነው። ዝንብ ናት።

ሁለተኛዋ አንቴናዋ ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል። ዓይኖቿ ሞላላ ናቸው፤ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ክንፏን ወደ ኋላ ሰብስባለች። የኋላ እግሯ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምትበልጥ ቢጫ የዱቄት እብጠት ተለጥፋለች። እሷ ንብ ናት። እብጠቷ ባትኖርም ግን ንብ አይደለችም አይባልም፤ የአበባ ወለላ ፍለጋ ብቻ የወጣች ንብ እግሯ ባዶ ነው። የወንዱ ንብ፣ የድንጉላው፣ ዓይኖችም አናቱ ላይ ይገጥማሉ፤ እሱ ግን አበባ ቀስሞ አያውቅም፣ ፎቶህ ውስጥ አይመጣም ማለት ይቻላል።

ተርብ ይቀላል። አንቴናው እንደ ንብ ረጅም ነው፤ ገላው ግን ለስላሳና አንጸባራቂ፣ ወገቡም እንደ ክር የቀጠነ ነው። የተለመዱት ተርቦች ሲያርፉ ክንፋቸውን በቁመቱ ስለሚያጥፉት ጠባብ ቅጠል ይመስላል። የኋላ እግራቸው ቀጭን ነው፤ የዱቄት መያዣ የለውም።

ከአናት ላይ የተነሳ ፎቶ አንቴናንም እግርንም ይደብቃል። ከጎን፣ ከአበባው እኩል ዝቅ ብለህ አንሳ። ጭንቅላቷ አበባው ውስጥ ከተቀበረ እስክትወጣ ጠብቅና ድገመው፤ ከጀርባ ቀለም ብቻ ንብ ናት ብለህ አትጻፍ።