የመሰናክል ሩጫ ማሟሟቂያ ምንድን ነው?

ሰውነት ማጎልመሻ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ተመሳሳይ ነገር ነው። ሜዳውን ሦስት ጊዜ እንዞራለን፣ ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ መምህሩ እስከ አሥር ሲቆጥር ጎንበስ ብለን የጫማችንን ጫፍ እንነካለን። ለእግር ኳስም፣ ለመረብ ኳስም፣ ለርዝመት ዝላይም ያው ነበር። ከዚያ መሰናክል ይደረደራል። የመጀመሪያው ተማሪ በፍጥነት ሄዶ እንጨቱ ፊት ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ሁለተኛው ያልፋል ግን ወደኋላ የቀረ እግሩ እንጨቱን ይዞት ይወርዳል። እኔም ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ጥፋቱን የልጆቹ ፍርሃት ላይ ነበር የምጥለው። በኋላ ነው ጥፋቱ እነሱ ከመሮጣቸው በፊት ባሳለፍነው አሥር ደቂቃ ውስጥ እንዳለ የገባኝ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። እኛ አገር «መሰናክል» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት የ3,000 ሜትር መሰናክል ነው። የዚያ ውድድር መሰናክል ከባድ ግንድ ስለሆነ ቢነኩትም አይወድቅም፤ ሯጩ እግሩን አሳርፎበት ሊያልፍም ይችላል። እዚህ የምናወራው ስለ አጭር ርቀቱ ነው፤ ሴቶች 100 ሜትር፣ ወንዶች 110 ሜትር ይሮጣሉ፣ አሥር መሰናክል ያልፋሉ። ሴቶች የሚያልፉት ቁመቱ 83.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 8.5 ሜትር ነው። ለወንዶች ቁመቱ 106.7 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 9.14 ሜትር ይሆናል። በሁለት መሰናክሎች መካከል የተለመደው ሦስት እርምጃ ነው። ለተማሪ ቁመቱም ርቀቱም ይቀነሳል፤ ሦስቱ እርምጃ ግን ይቀራል።

ማሟሟቂያው የሚነደፈው ከዚህ ተነስቶ ወደኋላ ነው። ልጁ መሰናክሉ ላይ ሲደርስ ሰውነቱ ምን ማድረግ አለበት? በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ አንዱን ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያነሳል፤ ይህ መሪ እግር ይባላል። ሌላውን፣ ተከታይ እግር የምንለውን፣ ከዳሌው ወደ ጎን ከፍቶ በብብቱ ስር ያሳልፋል። ከዚያ በእግሩ ፊተኛ ክፍል አርፎ ወዲያው ሩጫውን ይቀጥላል። እንግዲህ የሞቀ ጡንቻ፣ በሁለት አቅጣጫ የተፍታታ ዳሌ፣ መሬትን ቶሎ ለቅቆ የሚነሳ ቁርጭምጭሚት፣ በመጨረሻም ሦስት እርምጃ የለመደ ጆሮ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ለአንዱም የማይጠቅም እንቅስቃሴ ከማሟሟቂያው ይወጣል።

አንድ ክፍል እንውሰድ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ 48 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ፣ ጠዋት። ለማሟሟቂያ 15 ደቂቃ እመድባለሁ። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ራሱ የትምህርቱ መጀመሪያ ስለሆነ አይባክንም።

የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ሥራ የልብን ምት ከፍ ማድረግ ነው። ልብ ሲፈጥን ወደ ጡንቻ የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ የጡንቻው ሙቀትም ከፍ ይላል። የሞቀ ጡንቻ ቶሎ ይኮማተራል፤ ለመሰናክል ደግሞ የሚበልጠው ቶሎ መላላቱ ነው፤ መሪው እግር ወደፊት ሲዘረጋ የጭኑ የኋላ ጡንቻ በቅጽበት ካልለቀቀ የሚጎዳው እሱ ነው። ለዚህ ሦስት ዙር አያስፈልግም። ሁለት ደቂቃ ዱብ ዱብ ካደረጉ በኋላ 20 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ ሁለት ሜዳ ውስጥ አባሮሽ አጫውታቸዋለሁ። አባሮሽ ሰውነትን ከማሞቁም በላይ ድንገት መፍጠንና አቅጣጫ መለወጥን ያመጣል፤ ደግሞ ማንም ኋላ ቀርቶ የሚራመድበት ቦታ የለም። በየ30 ሴኮንዱ አባራሪ ይቀየራል።

ልኩን የማውቀው በላብ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ለ10 ሴኮንድ ይቆጥራሉ፤ በስድስት ያባዛሉ። 22 ከመጣ በደቂቃ 132 ነው፤ በቂ ነው። 28 እና 29 የሚሉ ካሉ አብዝቻለሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ አባሮሹ ከረዘመ ልጆቹ መሰናክሉ ጋ የሚደርሱት ደክመው ነው። ከቆላ አገር በቅርቡ የመጣ ተማሪ ካለ ደግሞ እሱን ማየት ነው። እያወሩ መሮጥ ከቻሉ፣ ግን ዘፈን መዝፈን ካልቻሉ፣ ልክ ነው።

ወደ መገጣጠሚያው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ጀርባ ቀላል ናቸው፤ በእግር ጣት መራመድ፣ በተረከዝ መራመድ፣ እየተራመዱ ሰፊ እርምጃ ወስዶ ዝቅ ማለትና ደረትን ወደ ፊተኛው ጉልበት ማዞር በሁለት ደቂቃ ይጨርሳቸዋል። ጊዜ የሚፈልገው ዳሌ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለ፤ እግርን ቀጥ አድርጎ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ወደ ላይ መወርወር። የጭኑን የኋላ ጡንቻ ያፍታታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ መሰናክሉ ላይ ሊሠራ የማይገባውን ነው የሚያለማምደው። መሪው እግር ቀጥ ብሎ ከተወረወረ አካሉ ወደኋላ ይቀራል፣ ማረፊያው ተረከዝ ይሆናል፣ ፍጥነቱ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ እኔ ጉልበት አስቀድሜ ነው የማስነሳው፤ ጉልበቱ ወገብ ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ ብቻ ባቱ ወደፊት ይከፈታል፣ ከዚያ እግሩ ወደታች ይወርዳል። እየተራመዱ በእያንዳንዱ እግር ስምንት ጊዜ። ማሟሟቂያው የእንቅስቃሴውን ቅርጽ ከያዘ በኋላ የማስተካክለው ያንሳል።

ለተከታይ እግር ግድግዳ እጠቀማለሁ። ልጁ ወደ ግድግዳ ዞሮ በሁለት እጁ ይደገፋል፤ ከጎኑ ጉልበት የሚደርስ መሰናክል ይቆማል። እግሩን ከኋላ አንስቶ ጉልበቱን ወደ ጎን ከፍቶ፣ ጣቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ፣ እንጨቱን አሳልፎ ጉልበቱን ፊት ለፊቱ ያደርሳል፤ ከዚያ ነው የሚያሳርፈው። ብዙዎቹ ጉልበቱ ገና ጎን ላይ እያለ ይጥሉታል። ያ ልጅ ሲሮጥ ካረፈ በኋላ ወገቡ ይጠመዘዛል፣ ቀጣዩ እርምጃውም ወደ ጎን ይወጣል። ስምንት በቀኝ፣ ስምንት በግራ። «እኔ በቀኜ ነው የምመራው» የሚል አይጠፋም፤ ይሁንና ጀማሪ በሦስት እርምጃ መድረስ ሲያቅተው በአራት ይደርሳል፣ ያን ጊዜ መሪው እግር ይቀያየራል። ሁለቱም ዳሌ መዘጋጀት አለበት።

ቆሞ መለጠጥስ? ጎንበስ ብሎ አሥር ሴኮንድ መቁጠር ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ትንሽ ነው። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለጥጦ መያዝ ግን ለጊዜው ኃይሉን ይቀንሳል፤ ልጆቹም ቆመው ይቀዘቅዛሉ። ለክፍለ ጊዜው መጨረሻ ይቆይ።

የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ፍጥነቱን የሚያስተዋውቅ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እንዲነቃ አሥር አጫጭር ዝላይ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ 20 ሜትር ሦስት ጊዜ፤ መጀመሪያ ከአሥር እጅ ስድስቱን፣ ቀጥሎ ስምንቱን፣ ቀጥሎ ዘጠኙን ፍጥነት ይዘው። ጡንቻ ሳይለማመድ ድንገት ሙሉ ፍጥነት ሲጠየቅ ነው «ጠቅ አለኝ» የሚባለው።

ቀጥሎ መሬት ላይ የተጋደሙ ዱላዎች። በአንዱ መስመር በ6 ሜትር፣ በሌላው በ6.5፣ በሦስተኛው በ7 ሜትር አስቀምጣለሁ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት እርምጃ የሚገባለትን መስመር ራሱ ያገኘዋል። ማረፊያውን ሳይቆጥሩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሆፕ» እያሉ ጮክ ብለው ይሮጣሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭባል። ጆሮ ሦስቱን ከያዘ እግር አይጠፋበትም። በሁለተኛው ዙር ዱላዎቹን ድንጋይ ወይም ካርቶን ላይ አስቀምጬ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርጋቸዋለሁ፤ ዱላው ሳይታሰር መሆን አለበት፣ ሲነካ እንዲወድቅ። የተገዛ መሰናክል ካለ እግሮቹ ልጁ ወደሚመጣበት በኩል መዞር አለባቸው፤ ተገልብጦ ከቆመ ሲመታ አይወድቅም፣ ልጁን ይጥለዋል። ከማሟሟቂያው በፊት አንድ ጊዜ ዞሬ አየዋለሁ።

አሁን ተዘጋጅተዋል ወይስ አልተዘጋጁም? ምልክቱ እርምጃ ላይ ነው። መሰናክሉ ሲቀርብ እርምጃውን የሚያሳጥርና የሚያበዛ ልጅ ፍጥነቱን ገና አላመነውም። ተከታይ እግሩ እንጨት የሚነካውን ደግሞ ወደ ጎን ወስጄ እየተራመደ እንዲያልፍ አደርገዋለሁ። እየተራመደም ከነካው ዳሌው ገና አልተፍታታም፤ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። እየተራመደ በቀላሉ አልፎ ሲሮጥ ብቻ ከነካው ግን ችግሩ መገጣጠሚያው ላይ አይደለም፤ ወይ በጣም ቀርቦ ነው የተነሳው፣ ወይ ከፍታው አስፈርቶታል። ያን ጊዜ ዝቅ ማድረግ እንጂ ተጨማሪ ማፍታታት አይረዳውም። ሕመም ያለው ልጅ ደግሞ በሌላ ዓይን ይታያል፤ ብሽሽቱ ወይም የጭኑ የኋላ ጡንቻ እየወጋው ያለ ተማሪ «ሲሞቅ ይለቀኛል» ቢልም ያን ቀን ሰዓት ይይዛል፣ አይሮጥም።

ይህ ሁሉ ተደክሞበት የሚበላሽበት አንድ ቦታ አለ፤ ሰልፍ። 48 ልጅ በሁለት መስመር ቢቆም አንዱ ሮጦ ተራው እስኪመለስ አሥር ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል፤ ያገኘው ሙቀት በዚያ መሃል ይወርዳል፣ በተለይ ብርድ ባለበት ጠዋት። እኔ ስድስት መስመር እሠራለሁ፤ አራቱ ላይ ዱላ፣ ሁለቱ ላይ መሰናክል። በየመስመሩ ስምንት ልጅ ይደርሳል። ሮጦ የጨረሰ በጎን በኩል በሶምሶማ ይመለሳል፤ ከመስመሩ ኋላ ሲደርስ በየእግሩ አራት ጊዜ የተከታይ እግር እንቅስቃሴ ይሠራል፣ በግድግዳ ፈንታ የጓደኛውን ትከሻ ይዞ። ቱታውን የሚያወልቀው ተራው ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ነው።