የሚከፈልበት የሲግናል ቻናል፦ ከጅማ ለአክስቴ ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ የላክኸውን ስክሪንሾት አየሁት። ቪአይፒ ቻናሉ በወር 50 ዶላር ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ከ10 ሲግናል 8ቱ አሸንፈዋል ይላል። አንተ ደግሞ አካውንትህ ላይ 300 ዶላር አለህ። በድምፅ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ሒሳብ ስላለበት መጻፉ ይሻላል። ፈረንጅ አራዳ ያሉት ጓደኞችህም አብረው ሊገቡ ነው ስላልከኝ፣ ለእነሱም አስነብባቸው።

የሲግናል ቻናል ሥራው ቀላል ነው። አንድ አድሚን ቴሌግራም ላይ “ይህን ግዛ፣ እዚህ ዋጋ ላይ ግባ፣ እዚህ ውጣ” እያለ ይለጥፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቻናል አለው። ነፃው ማስታወቂያ ነው፤ እዚያ የሚወጣው የትርፍ ፎቶ ነው። የሚከፈልበት ደግሞ ቪአይፒ ይባላል። ክፍያው ዩኤስዲቲ በሚባለው ዲጂታል ዶላር ወይም በአድሚኑ የግል የባንክ ሒሳብ ይገባል። ዩኤስዲቲ አንዴ ከተላከ ተቀባዩ ካልመለሰው በቀር አይመለስም። ይህን ያህል አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው ሒሳቡን ነውና እሱ ላይ እንቆይ።

የወርቅ ሲግናል ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
XAUUSD BUY 3300
TP1 3303
TP2 3306
TP3 3312
SL 3288
```

ርቀቶቹን ተመልከት። የመጀመሪያው የትርፍ መውጫ 3 ዶላር ብቻ ይርቃል። የኪሳራ መውጫው፣ ማለትም ስቶፕ ሎሱ፣ 12 ዶላር ይርቃል። በ0.01 ሎት የምትይዘው አንድ አውንስ ወርቅ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ አንተም 1 ዶላር ታገኛለህ ወይም ታጣለህ። ሲያሸንፍ 3 ዶላር፣ ሲሸነፍ 12 ዶላር ማለት ነው። አንዱን ኪሳራ ለመሸፈን አራት ድል ያስፈልጋል። እንግዲህ 8 ለ2 ቢወጣ ስንት ታተርፋለህ? ስምንቱ ድል 24 ዶላር ያመጣል፤ ሁለቱ ኪሳራ 24 ዶላር ይወስዳል። ዜሮ። የተለጠፈው ውጤት እውነት ቢሆን እንኳ ዜሮ ነው።

መውጫው ቅርብ፣ ስቶፕ ሎሱ ሩቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ማሸነፍ ቀላል ነው። ወርቅ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዶላር ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። 3 ዶላር ወደምትፈልገው አቅጣጫ ብልጭ ማለት ለእሱ ምንም አይደለም። ስለዚህ “80 በመቶ አሸነፍኩ” የሚለው ቁጥር ስለ አድሚኑ ችሎታ ብዙም አይነግርህም። መውጫውን ካቀረበ ማንም ሰው ያንን መቶኛ ማምጣት ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ አንተ እናስብ። ሲግናሉ ሲለጠፍ አንተ ሱቅ ውስጥ ነህ። ደንበኛ ቻርጀር እየመረጠ ነው፤ መልሱን ቆጥረህ ትሰጣለህ፤ ከዚያ ስልክህን ታነሳለህ። ኔትወርኩም በዚያች ሰዓት ይንቀራፈፋል። መነገጃ አፑን MT5 ከፍተህ BUY እስክትል ወርቁ 3301.50 ደርሷል እንበል። መውጫው 3303 ስለሆነ የቀረህ ትርፍ 1.50 ነው። ስቶፕ ሎሱ 3288 ስለሆነ ኪሳራህ 13.50 ሆኗል። አሁን አንዱን ኪሳራ ለመሸፈን ዘጠኝ ድል ትፈልጋለህ። እነዚያው ስምንቱ ድሎች 12 ዶላር ይሰጡሃል፤ ሁለቱ ኪሳራዎች 27 ዶላር ይወስዱብሃል። 15 ዶላር ከሰርክ። ስፕሬዱን፣ ማለትም የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን ልዩነት፣ በአንድ ትሬድ 30 ሳንቲም ብንይዘው 3 ዶላር ይጨመራል፤ 18 ዶላር ሆነ። ቻናሉ ላይ ግን አሁንም “8 ከ10” ተለጥፏል፤ ከሥሩም የእሳት ምልክት ተደርድሯል። አድሚኑም አልዋሸም፤ አንተም ከስረሃል። ይህ የሚሆነው በመጥፎ ዕድል አይደለም፤ አንተና እሱ የገባችሁበት ዋጋ ስለሚለያይ ነው።

በዜና ሰዓት ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ይወጣል፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9፡30፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 10፡30። በዚያች ደቂቃ ወርቅ በሰከንዶች ውስጥ ብዙ ዶላር ይዘላል፤ ስፕሬዱም ይሰፋል። ያኔ የተለጠፈውን ዋጋ በስልክ አታገኘውም።

“እሺ፣ ለምን TP3 ድረስ አልጠብቅም?” ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቻናሉም የሚጫወተው እዚህ ላይ ነው። ወርቁ 3312 ሲደርስ “TP3 ተመታ፣ 12 ዶላር!” ይባላል። 3303 ነክቶ ተመልሶ 3288 ሲወርድ ደግሞ “TP1 ተመታ” ይባልና ከድል ይቆጠራል። ያው አድሚን አንዱን ቀን በሩቁ መውጫ፣ ሌላውን ቀን በቅርቡ መውጫ ይቆጥራል፤ የሚመርጠው ደግሞ ዋጋው የት እንደሄደ ካየ በኋላ ነው። አንተ ግን አስቀድመህ መምረጥ አለብህ። TP1 ላይ የምትወጣ ከሆነ 12 ዶላሩ ያንተ አይደለም። TP3 የምትጠብቅ ከሆነ፣ እነዚያ “TP1 ተመታ” የተባሉት ብዙዎቹ አንተ ጋ ሙሉ ኪሳራ ናቸው።

ወርሃዊ ክፍያውን እስካሁን አላነሳሁትም። 50 ዶላር የ300 ዶላር አንድ ስድስተኛ ነው። በ0.01 ሎት፣ በየጊዜው 3 ዶላር እያገኘህ፣ ክፍያውን ብቻ ለመመለስ 17 ድል ያለ አንድም ኪሳራ ያስፈልግሃል። ይህ እንደማይሆን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይገባሃል። ያኔ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሎቱን ያሳድጋል። በ0.05 ሎት አንድ ስቶፕ ሎስ 60 ዶላር ነው፤ የአካውንትህ አምስተኛ። ያቺው 18 ዶላር ኪሳራም 90 ዶላር ትሆናለች። ሌቬሬጁ፣ ማለትም በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ትሬድ እንድትከፍት የሚሰጥህ አቅም፣ ትልቅ ስለሆነ ብሮከሩ አይከለክልህም። ብዙ አካውንት ሲነድ ያየሁት እንዲህ ነው። ሲግናሉ መጥፎ ባይሆን እንኳ፣ ክፍያው ትንሽ አካውንት ያለውን ሰው ከአቅሙ በላይ ሎት እንዲከፍት ይገፋዋል።

ምናልባት “እኔ አልከፍልም፣ በሊንካቸው ብሮከር ከፍቼ ዲፖዚት ካደረግኩ ቪአይፒው ነፃ ነው ብለውኛል” ትል ይሆናል። ይህ ከ50 ዶላሩ አይሻልም። በዚያ ሊንክ ስትመዘገብ አድሚኑ የብሮከሩ አገናኝ ይሆናል፤ አንተ በነገድከው ሎት ልክ ኮሚሽን ይከፈለዋል። እዚህ ጅማ የቡና ደላላ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። ገዢው ቢያተርፍም ቢከስርም ደላላው ድርሻውን ይወስዳል። ይህም እንደዚያው ነው። በሎት 5 ዶላር ይከፈለዋል እንበል። 300 ሰዎች በቀን ስድስት ጊዜ በ0.05 ሎት ቢነግዱ 90 ሎት ነው፤ 450 ዶላር በቀን። የእሱ ጥቅም በትሬድ ብዛት ላይ ነው። በቀን ስድስት ሲግናል የሚለቀቀው ገበያው ስድስት ጥሩ ዕድል ስላለው እንዳይመስልህ። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ይባስ ብለው አገናኙን ከደንበኛው ኪሳራ ድርሻ ይሰጡታል። የትኛው ዓይነት ውል እንዳለው አንተ ማየት አትችልም።

በዚህ ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች ውጤት የተደበቀ አይደለም። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ሌቬሬጅን ሲገድብ፣ ከግል ነጋዴዎች አካውንት ከ74 እስከ 89 በመቶው ገንዘብ እንደሚያጣ ገልጿል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ለአንድ ግለሰብ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ከ1 ለ30 በላይ ሌቬሬጅ አይሰጥም፤ ለወርቅ ደግሞ ከ1 ለ20 አያልፍም። አንተ የተላከልህ ሊንክ 1 ለ500 ይላል። በእኛም አገር ካፒታል ገበያ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የሚመራ ሆኗል፤ የመዋዕለ ንዋይ ምክር የሚሰጥ ሰው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አድሚኑን ፈቃዱን ጠይቀው። ስሙን እንኳ በትክክል ከነገረህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳትከፍል ልትፈትናቸው ትችላለህ። አንደኛው መንገድ የኢንቬስተር ፓስወርድ መጠየቅ ነው። MT4ም MT5ም አካውንቱን ለማየት ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ፓስወርድ አላቸው። በዚያ ብትገባ ታሪኩን ሁሉ ታያለህ፤ መነገድ ግን አትችልም። ለባለቤቱ ምንም አደጋ የለውም። ከሰጠህ መጀመሪያ የሰርቨሩን ስም እይ፤ Demo የሚል ካለበት ገንዘቡ የልምምድ ነው። ከዚያ ሙሉ ታሪኩን እይ። ብዙዎቹ አይሰጡም፤ “ሚስጥር ነው” ይሉሃል።

ሁለተኛው መንገድ ነፃ ቻናላቸውን መመርመር ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ ቻናል ላይ እያንዳንዱ ፖስት ሊንክ አለው፤ ሊንኩ መጨረሻ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በተከታታይ ይሄዳል። 1203 ካየህ በኋላ ቀጥሎ ያለው 1209 ከሆነ፣ በመካከል የነበረው የት ሄደ ብለህ ጠይቅ። በአንድ ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች የየራሳቸውን ቁጥር ስለሚወስዱ አንድ ሁለት ክፍተት ብዙ አያሳስብ። ክፍተቱ ወርቅ ክፉኛ በተንቀሳቀሰበት ቀን ላይ ሲበዛ ግን የከሰረው ሲግናል ተሰርዟል ማለት ነው ብለህ ብትጠረጥር አልተሳሳትክም። አዲስ ሲግናል ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ወደ Saved Messages ፎርዋርድ አድርገው። ዋናው ቢሰረዝም ቢስተካከልም ያንተ ቅጂ አይለወጥም። ፎርዋርድ ማድረግ ከዘጉብህ በደብተር ጻፈው።

ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይበቃሃል፦ የተለጠፈው ዋጋ፣ አንተ ስልኩን ከፍተህ ያየኸው ዋጋ፣ አስቀድመህ የመረጥከው አንድ መውጫ፣ እና ስቶፕ ሎሱ። ትሬዱን በዴሞ ክፈተው። ውጤቱን በዶላር ጻፍ፤ “አሸነፈ፣ ተሸነፈ” ብለህ አትጻፍ። መውጫህን በመሀል አትቀይር፤ ከቀየርክ ቻናሉ የሚሠራውን አንተም መሥራት ጀመርክ።

50 ዶላሩን ለጊዜው አትላክ፤ በሊንኩም አትመዝገብ። ከነፃው ቻናል 30 ሲግናል ያህል እስኪሞላህ ጻፍና ደብተሩን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና። ስፕሬዱንና ወርሃዊ ክፍያውን ቀንሰን አብረን እንደምረዋለን። ጓደኞችህም መምጣት ከፈለጉ ይምጡ።