የውሃ ቦይለር ሙቀት ቁጥጥር፦ ኦን-ኦፍ ከሂስተሪሲስ ጋር እና ፕሮፖርሽናል

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በኦን-ኦፍ ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታቱ ሬዚስታንሱን ወይ ሙሉ በሙሉ ያበራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። የሚያበራበትና የሚያጠፋበት ሙቀት ግን ይለያያል። 60 ዲግሪ ላይ ከተደረገ፣ ለምሳሌ 63 ሲደርስ ያጠፋና ውሃው 57 እስኪወርድ ይጠብቃል። ይህ የ6 ዲግሪ ክፍተት ሂስተሪሲስ ይባላል።

ክፍተቱ ባይኖር ውሃው 60 አካባቢ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሬዚስታንሱን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ብልጭታው ኮንታክቱን ይበላዋል። በመጨረሻም ኮንታክቱ ይጣበቅና ቦይለሩ አልጠፋም ይላል፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ነው።

50 ሊትር የሚይዝ ባለ 1500 ዋት ቦይለር እንውሰድ። ውሃውን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ57 ወደ 63 ለመድረስ 14 ደቂቃ ይበቃዋል። ቧንቧ ሳይከፈት ታንከሩ 60 ዋት ያህል ሙቀት ቢያባክን፣ መልሶ 57 ለመድረስ 6 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ በቀን የሚበራው 4 ጊዜ ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የባለሙያዎቻችን ቀላል ቴርሞስታት ምርጫ ትክክለኛ ነው።

ፕሮፖርሽናል ቁጥጥር ኃይሉን P፣ የውሃው ሙቀት T ከ60 እንደጎደለው መጠን ይሰጣል፦

`P = 150 × (60 − T)`

ከ50 ዲግሪ በታች ሙሉ 1500 ዋት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚሁ ቦይለር 59.6 ላይ ይረጋል፤ እዚያ የሚሰጠው 60 ዋት ከሚባክነው ጋር እኩል ነውና። 60 ራሱን አይነካም፣ 60 ላይ ኃይሉ ዜሮ ስለሚሆን። መብራት ይቆጥባል የሚሉም አሉ። አማካይ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ግን የሚባክነውም ያው ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ታንከር በሌለው የሻወር ማሞቂያ ላይ ነው። 5000 ዋት፣ በደቂቃ 3 ሊትር፣ የሚገባው ውሃ 16 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚወጣው 40 ይሆናል። ውስጡ ያለው ውሃ ግማሽ ሊትር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሬዚስታንሱ በሰከንድ ከ2 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው ይችላል። እዚህ ላይ ባለ 6 ዲግሪ ሂስተሪሲስ ቢገባ፣ የሚታጠበው ሰው በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ ይቃጠላል፣ አንዴ ይበርደዋል። ፕሮፖርሽናሉ ግን 1 ሰከንድን እንደ አንድ ዙር ይዞ ከዚያ ውስጥ 0.6 ሰከንድ ብቻ በማብራት 60 በመቶ ኃይል ይሰጣል፤ ዙሩ ባጠረ ቁጥር ውሃው ይበልጥ ይረጋል። ይህን ያህል መብራት-መጥፋት ተራ ሪሌይ ቶሎ ስለሚጨርስ ኮንታክት የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ፣ ትራያክ፣ ይገባለታል።

ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ግን የ5000 ዋቱ ማሞቂያ ወደ 3350 ዋት ይወርዳል፤ ውሃውም 32 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። ያኔ ሁለቱም ቁጥጥሮች ሙሉ አብርተው የሚችሉትን እየሰጡ ነው። መፍትሔው ቧንቧውን ጠበብ አድርጎ ውሃውን በደቂቃ ወደ 2 ሊትር ማውረድ ነው።