ተዛምዶና መንስኤ፦ በአንድ የተማሪዎች መጠይቅ ውስጥ የተደበቀው ሦስተኛ ነገር

አደይ አበባ ሲፈነዳ ትምህርት ቤት ይከፈታል። በየዓመቱ ነው፤ ዝንፍ አይልም። ግን አበባውን ሁሉ ነቅለን ብንጥለው መስከረም ላይ ደወሉ መደወሉ አይቀርም። አበባውንም ደወሉንም የሚያመጣቸው የክረምቱ መውጣት ነው።

ሁለት ነገሮች አብረው ከፍ ዝቅ ሲሉ ተዛምዶ አላቸው ይባላል። በግቢ ቋንቋ ኮሪሌሽን ነው። መንስኤነት ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንዱን በእጃችን ብንለውጠው ሌላው ይለወጣል ወይ? ተዛምዶ ኖሮ መንስኤነት ላይኖር ይችላል። አንዳንዴ አጋጣሚ ነው። አንዳንዴ ውጤት ያልነው ራሱ መንስኤ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ግን እንደ ክረምቱ መውጣት ሁለቱንም የሚነካ ሦስተኛ ነገር ከኋላ አለ። ይህ ሦስተኛ ነገር አደናጋሪ ተለዋዋጭ ይባላል፤ ተማሪዎች ኮንፋውንደር ይሉታል።

ጎንደር ውስጥ ይህ ቃል ባዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነውና የኅብረተሰብ ጤና ጥናት እዚያ ሥር የሰደደ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገለጥ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ማየት የተለመደ ነው፤ አንዱ ያልተስተካከለ፣ ሌላው የተስተካከለ። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ጎልቶ የታየ ቁጥር ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድራሹ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ምሳሌ በእጅ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት ውጤት አይደሉም።

እንበልና ጎንደር ከተማ ውስጥ ለ200 የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መጠይቅ ታደለ። ሁለት ነገር ተጠየቀ፦ የራስህ ስማርት ስልክ አለህ? ያለፈው ሴሚስተር አማካይ ውጤትህ ስንት ነው? መቶዎቹ ስልክ አላቸው፣ መቶዎቹ የላቸውም። ስልክ ያላቸው አማካይ 65 ሆነ። የሌላቸው 58። ልዩነቱ 7 ነጥብ ነው፤ ለዚያውም ስልክ ያላቸው በልጠው። ወላጅ «ይሄ ስልክ ልጄን አጠፋብኝ» በሚልበት ዘመን ይህ ቁጥር ወሬ ይሆናል። «ስልክ ያጎብዛል» የሚል ርዕስ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም።

አሁን ሦስተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ የምትኖረው የት ነው? ጎንደርን የሚያውቅ ይህን ጥያቄ አይዘልም። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ተማሪ አለ። ከጎንደር ዙሪያና ከደምቢያ ገጠር መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚማርም አለ። ይኸኛው ውኃ ይቀዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት አገር ቤት ይወርዳል። እሑድ ማታ እንጀራና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል፤ መኪና ካጣ ደግሞ ሰኞ ይሆናል። ለጥናት የሚተርፈው ሰዓት ትንሽ ነው። ስልክ መግዣ ብሩም እንዲሁ።

መቶው ከቤተሰብ ጋር፣ መቶው በኪራይ የሚኖሩ ይሁኑ። በአራት ቦታ ስንከፍላቸው እንዲህ ይሆናል፦

| | ስልክ አላቸው | ስልክ የላቸውም |
|---|---|---|
| ከቤተሰብ ጋር | 80 ተማሪ፣ አማካይ 68 | 20 ተማሪ፣ አማካይ 70 |
| በኪራይ | 20 ተማሪ፣ አማካይ 53 | 80 ተማሪ፣ አማካይ 55 |

ሠንጠረዡን ወደ ጎን አንብቡት። ከቤተሰብ ጋር ከሚኖሩት መካከል ስልክ ያላቸው በ2 ነጥብ ያንሳሉ። በኪራይ ከሚኖሩትም መካከል ስልክ ያላቸው በ2 ነጥብ ያንሳሉ። በሁለቱም ቤት ያነሱት ሁለቱ ቤት ሲደመር በ7 በለጡ! የስሌት ስሕተት የለበትም። 80 ጊዜ 68 እና 20 ጊዜ 53 ተደምሮ ለ100 ሲካፈል 65 ነው። በሌላው ወገን 20 ጊዜ 70 እና 80 ጊዜ 55 ተደምሮ ለ100 ሲካፈል 58 ነው። ይህ መገለባበጥ የሲምፕሰን አያዎ ይባላል፤ ስሙ የመጣው ኤድዋርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ካሳተመው ጽሑፍ ነው።

7ቱ ነጥብ ከየት መጣ? ስልክ ካላቸው መካከል ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩት ከመቶ 80 ናቸው። ስልክ ከሌላቸው መካከል ግን ከመቶ 20 ብቻ። ክፍተቱ ከመቶ 60 ነው። ከቤተሰብ ጋር መኖር ደግሞ ከኪራይ ኑሮ የ15 ነጥብ ልዩነት አለው (68 ከ53 ጋር፣ 70 ከ55 ጋር)። የ15 ከመቶ 60 እጅ 9 ነው። ስለዚህ ሒሳቡ `7 = −2 + 9` ይሆናል። 9ኙ የመኖሪያው ነው፤ ስልኩ ሳያገባው ተቀብሎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ናሙናው ስላነሰ ነው» ይላል። አይደለም። የተማሪዎቹ ውጤት በየምድቡ በ12 ነጥብ መደበኛ ልይይት የተበተነ ቢሆን፣ የ7ቱ ነጥብ መደበኛ ስሕተት፣ ማለትም ቁጥሩ በአጋጣሚ ብቻ የሚዋዥቅበት መጠን፣ ወደ 2 ገደማ ነው። ሰባት ነጥብ በአጋጣሚ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል። 200ውን ተማሪ 20,000 ብናደርገው ያው 7 ይወጣል፤ እንዲያውም ይበልጥ እርግጠኛ መስሎ። የናሙና ብዛት አጋጣሚን ያጠራል፤ አደናጋሪን አይነካውም። በተቃራኒው የ2ቱን ነጥብ እንመልከት። በዚህ ናሙና የሱም መደበኛ ስሕተት ወደ 2 ይጠጋል። ስለዚህ «ስልክ ውጤት ይቀንሳል» ለማለት ይህ መጠይቅ አይበቃም። ከምርመራው በኋላ በእጃችን የቀረው «ስልኩ ለውጥ ማምጣቱ አልታወቀም» የሚል ነው። ርዕስ አይሆንም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እንዲህ በየመኖሪያው ለይቶ ማነጻጸር ነው ማስተካከል የሚባለው፤ ኮምፒውተር በአንድ መስመር ይሠራዋል። `R` በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ብንጽፈው፦

```
lm(score ~ phone, data = d)
lm(score ~ phone + home, data = d)
```

የመጀመሪያው ለስልክ 7 ይሰጣል፣ ሁለተኛው −2። ቀላልነቱ ግን ያሳስታል። «ያለውን ተለዋዋጭ ሁሉ ጨምርበትና ያስተካክለዋል» የሚል ልማድ አለ። አንድ ነገር አደናጋሪ ለመባል ከስልኩ ጋር መያያዝ አለበት፣ ውጤቱን በራሱ መንገድ መንካት አለበት፣ ከስልኩ ወደ ውጤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን መቆም የለበትም። የጥናት ሰዓትን ውሰዱ። ስልክ ውጤት የሚጎዳ ከሆነ የሚጎዳው የጥናት ሰዓት በመብላት ነው። የጥናት ሰዓትን እኩል አድርገን ስልክን ብንመረምር ጉዳቱን ራሳችን ደምስሰን «ጉዳት የለም» እንላለን። ይህን ሶፍትዌሩ አይለይም። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀው ተማሪው እንዴት ውሎ እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ነው።

ያልጠየቅነው አራተኛ ነገርስ? የቤተሰብ ገቢ፣ ወይም ልጁ ከ1ኛ እስከ 8ኛ የተማረበት ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። ይህ ክርክር በሲጋራ ጉዳይ በደንብ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ማጨስና የሳንባ ካንሰር መያያዛቸውን አሳዩ። ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር፣ ራሱም ፒፓ አጫሽ ነበር፣ «ሰውን አጫሽም በሽተኛም የሚያደርግ የዘር ነገር ሊኖር ይችላል» ብሎ ሞገተ። ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 መልስ ሰጡ። አጫሾች የመያዝ ዕድላቸው 9 እጥፍ ከሆነና ማጨስ ከደሙ ንጹሕ ከሆነ፣ ያ የዘር ነገር በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አልተገኘም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ያ ነገር ምን ያህል ትልቅ መሆን እንዳለበት መተመን ይቻላል። የኛው መኖሪያ 9 ነጥብ የተሸከመው ክፍተቱም ልዩነቱም ትልቅ ስለሆነ ነው። ክፍተቱ ከመቶ 10 ቢሆን ኖሮ የሚያመጣው 1 ነጥብ ተኩል ብቻ ነበር።

ያልተጠየቀውንም ጭምር የሚያመጣጥነው ዕጣ ነው። ስልክ ለሌላቸው ተማሪዎች በዕጣ ለግማሾቹ ቢሰጥ ሀብታምና ድኻ፣ ከተሜና ገጠሬ በሁለቱም ወገን ይደርሳል። ግን ሃምሳ ስልክ የሚገዛ ማን ነው? ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጠይቁ ላይ እንወድቃለን። መጠይቅ ደግሞ የሚበላሸው ገና ሲታደል ነው።

ሁለት ነገር ከራሴ ልጨምር። አንድ ጊዜ ለክፍል ሥራ መጠይቅ ያደልነው ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነበር። ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበሩ። ደስ አለን፣ ቶሎ አለቀልን። የቀሩት ስንቅ ለማምጣት የወረዱት እንደሆኑ የገባን ወረቀቱን ስንቆጥር ነው፤ በኪራይ የሚኖሩት አምስት እንኳን አልሞሉም። በሱ ናሙና መኖሪያን ማስተካከል አይቻልም፤ የምታነጻጽረው ሰው የለማ።

ሁለተኛው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። «ከቤተሰብ ጋር ነው የምትኖረው?» ብለን ነበር የጻፍነው። አክስቱ ቤት ተቀምጦ ከብት የሚያግድ፣ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ «አዎ» ብሎ አክብቧል። እውነቱን ነው፣ አክስት ቤተሰብ ናት። ውሎው ግን ተከራይቶ ከሚኖረው አይሻልም። እንዲህ ያለው ልጅ ሲበዛ ምድቦቹ ይደባለቃሉ፤ ከተስተካከለ በኋላም የአደናጋሪው ቁራጭ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን ቀየርነው። «ትናንት ማታ ራትህን ማን ሠራው?» የሚል ሆነ። «ራሴ» ያሉት ካሰብነው በላይ ነበሩ።