ግልግል ወይስ ችሎት፦ በአረርቲ የሽምብራ ውል ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ

ከምንጃር ሸንኮራ ወደ አዲስ አበባ ሽምብራ የሚልክ ነጋዴ ውሉን ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ የሚያነበው እስከ ዋጋው ድረስ ነው። ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር፣ ርክክቡ የት፣ ክፍያው በስንት ቀን። የቀረውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ይፈርማል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ግን እንዲህ የምትል አንቀጽ አለች፦ «በዚህ ውል ምክንያት የሚነሳ ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ታይቶ ይወሰናል።» ጠብ ሲመጣ ከዋጋው እኩል የምትፈለገው እሷ ናት።

ፍርድ ቤት ለመሄድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ተከሳሹ ወደደም ጠላም መጥሪያ ይደርሰዋል። ዳኛውን መንግሥት ይመድበዋል፣ ደመወዙንም መንግሥት ይከፍለዋል። ግልግል ግን ከስምምነት ውጭ አይወለድም። ሁለቱ ወገኖች ክርክራቸውን ለመረጡት ሰው ወይም ጉባኤ ለመስጠት በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ከተስማሙ በኋላ ግን አንዱ ብድግ ብሎ «ተውኩት» ማለት አይችልም። ገላጋዩ የሚሰጠው ውሳኔም እንደ ፍርድ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ መምታታት አለ። እኛ አገር ግልግል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ግን ያስታርቃል እንጂ አይፈርድም። «አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ጨምር» ይላል፤ ባለጉዳዩ እሺ ካላለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ገላጋይ ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ፣ ውሉንና ሕጉን አይቶ፣ አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ ያደርጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ሥራ «የዘመድ ዳኝነት» ብሎት ነበር። ስሙ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ዛሬ የሚሠራበት የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። አዋጁ ከስሙ ጀምሮ ሁለቱን ለይቶ ይጠራቸዋል።

መምታታቱ ውል ላይ ሲገባ ገንዘብ ያስወጣል። ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ የሚዞር አንድ አጻጻፍ አለ፦ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ፣ ካልሆነ በሕግ አግባብ ይታያል።» ይቺ አንቀጽ ምን ትላለች? ሽማግሌው ያስታርቅ ነው ወይስ ይፍረድ? «በሕግ አግባብ» ማለት ግልግል ነው ወይስ ችሎት? ሁለቱ ወገኖች ዋናው ጉዳይ ላይ ሳይደርሱ በዚህች መስመር ብቻ ወራት ሊከራከሩ ይችላሉ። እኔ ብጠየቅ፣ እንዲህ ከሚጻፍስ ጭራሽ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የአረርቲ ነጋዴ ለአንድ አዲስ አበባ ላለ ላኪ 400 ኩንታል ሽምብራ ሸጠ እንበል። ዋጋው ለኩንታል 9,000 ብር ነው፤ በጠቅላላው 3,600,000 ብር። ገዢው 1,080,000 ብር ቅድሚያ ከፈለ። ውሉ ባዕድ ነገር ከ3 በመቶ አይበልጥም ይላል። እህሉ ተጫነ፣ አዲስ አበባ መጋዘን ገባ። በሳምንቱ ገዢው ደወለ፦ «ጋሼ፣ ናሙናው 7 በመቶ ነው ያወጣው። ቀሪውን አልከፍልም።» ሻጩም «እዚህ ሲጫን ንጹሕ ነበር፤ እዚያ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅላችሁት ነው» አለ። የቀረው ክፍያ 2,520,000 ብር ነው።

ሻጩ ተናዶ በማግስቱ ፍርድ ቤት ክስ ከፈተ። በውሉ ውስጥ ግን ያቺ የግልግል አንቀጽ አለች። ገዢው መልስ ሲሰጥ ይህንን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርጎ ካነሳ፣ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘግቶ «ወደ ተስማማችሁበት ሂዱ» ይላል። ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። መቃወሚያው መነሳት ያለበት በመጀመሪያው አጋጣሚ ነው። ገዢው ዝም ብሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ገብቶ ከተከራከረ በኋላ «ለካ ግልግል ነበረን» ቢል ሰሚ የለውም፤ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል።

የእኛ ገዢ መቃወሚያውን አንስቷል እንበል። ሻጩ የፍርድ ቤት ወጪውን ከፍሎ፣ ሁለት ወር አጥቶ፣ ወደ ግልግል ዞረ። ውሉ የገላጋዮቹን ቁጥር ካልተናገረ በአዋጁ ሦስት ይሆናሉ። ሻጩ አንድ ይመርጣል፣ ገዢው አንድ፣ ሁለቱ ተመራጮች ሦስተኛውን። ገዢው «አልመርጥም» ብሎ ቢያኮርፍ ግልግሉ አይቆምም፤ ሻጩ አመልክቶ ፍርድ ቤት ይሾምለታል።

በምርጫው ላይ የሽምግልና ልማዳችን ይከተለናል። በሽምግልና «የእኔ ሽማግሌ» ማለት ለእኔ የሚናገር ማለት ነው። በግልግል ይህ አይሠራም። የመረጥኩት ሰው ለእኔ ጠበቃ አይደለም፤ ገለልተኛ መሆን አለበት። ዝምድና፣ የንግድ ሽርክና ወይም ሌላ የሚያጠራጥር ነገር ካለው አስቀድሞ መናገር ግዴታው ነው፤ ካልተናገረም እንዲነሳ ይጠየቃል። አረርቲን በመሰለ ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። አንዱ የዕቁብ ጓደኛ ነው፣ አንዱ አበልጅ ነው፣ ሌላው ልጁን ድሮለታል። ስለዚህ ቢያንስ ሰብሳቢውን ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ማምጣት ይሻላል። በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ያለውን የግልግል ተቋም በውሉ ላይ መጥቀስም ይቻላል። ያኔ የአመራረጡና የክፍያው ደንብ አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል።

አሁን ጉባኤው ተሰየመ። ጭብጡ አንድ ነው፦ ባዕድ ነገሩ ከመቼ ጀምሮ ነበረ? በዚህ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ እህል የሚያውቅ ሰው መሆኑ ዋጋ አለው። «ናሙናው ከስንት ጆንያ ተወሰደ? ከላይ ብቻ ነው ወይስ ከመሃልም?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ጭነቱ ቀን ሁለቱም የፈረሙበት የታሸገ ናሙና በእጁ አለው እንበል። ሲመረመር ግን 3 ሳይሆን 7 በመቶ ወጣ። ስለዚህ ገዢው ልክ ነበር። ግን ደግሞ እህሉን አልመለሰም፤ ቀሪውን ሙሉ በሙሉ ለመከልከልም ምክንያት የለውም። ጉባኤው ለትርፉ 4 በመቶ 144,000 ብር ቀንሶ፣ ገዢው 2,376,000 ብር እንዲከፍል ወሰነ። ፍርድ ቤትም እዚሁ ሊደርስ ይችል ነበር። ግን ባለሙያ አስጠርቶ፣ የባለሙያውን አስተያየት ጠብቆ፣ ከሌሎች መዝገቦች ጋር ቀጠሮ እየተጋፋ ነው።

የንግድ ሰዎች ይህችን አንቀጽ የሚወዷት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈርድላቸዋል። ሁለተኛው ጉዳዩ የሚያልቅ መሆኑ ነው። በችሎት የተረታ ሰው ይግባኝ ይላል፣ ከዚያም ሰበር። በአዋጁ ግን ወገኖቹ በሌላ ካልተስማሙ በስተቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ሰበር ክፍት ነው፤ እሱንም ቢሆን ወገኖቹ በስምምነት ሊዘጉት ይችላሉ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከአዋጁ በፊት የሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 42239 ወገኖቹ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ብለው ቢስማሙም እንኳ ጉዳዩን ከማየት እንደማያግደው ወስኖ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ድንበር ነው። ለሽምብራው ነጋዴ ብዙም አይመለከተው ይሆናል። ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለና ማሽን ከውጭ ለሚገዛ ፋብሪካ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። የአንድ አገር ፍርድ ቤት ፍርድ በሌላ አገር እንዲፈጸም ማድረግ ከባድ ነው። የግልግል ውሳኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1958 የተፈረመው የኒው ዮርክ ስምምነት አለለት፤ ከ170 በላይ አገሮች ገብተውበታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀበለችው። ስለዚህ የውጭው ሻጭ ውሉን ሲልክ የግልግል አንቀጹ ቀድሞ ተጽፎ ይመጣል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ማየት ያለበት የግልግሉ መቀመጫ የት እንደተባለ ነው። መቀመጫው ሩቅ አገር ከሆነ በ500,000 ብር ጠብ የአውሮፕላን ቲኬትና የውጭ ጠበቃ መክፈል ሊመጣ ነው።

ወጪው ለአገር ውስጥ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤት የዳኝነት ተከፍሎ ዳኛው በነፃ ነው። በግልግል የሦስቱንም አበል የምንከፍለው እኛ ነን። በምሳሌያችን ለእያንዳንዳቸው 60,000 ብር ቢባል 180,000 ብር ነው፤ ጠቅላላ ከተቀነሰው 144,000 ይበልጣል። ስለዚህ ለትንንሽ ውል ሦስት ገላጋይ ቅንጦት ነው። «አንድ ገላጋይ» ብሎ መጻፍ ወይም አንቀጹን ትቶ ችሎትን መምረጥ ይሻላል።

አንቀጹ ቢጻፍም የማይሠራባቸው ጉዳዮች አሉ። ወንጀል፣ ግብር፣ ኪሳራ፣ ፍቺ፣ እንዲሁም ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ በግልግል አይታዩም። የመጋዘን ቦታ ላይ የሚነሳ ክርክር በዚህ ምክንያት ከግልግል ውጭ ሊሆን ይችላል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴም ይጠንቀቅ፤ የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር ለግልግል አይቀርብም።

የሽምብራው ገዢ ውሳኔው ደርሶትም አልከፍልም ቢልስ? ገላጋዮቹ ፖሊስ የላቸውም፣ በራሳቸው ኃይል ሒሳብ ማገድም መጋዘን ማሸግም አይችሉም። ሻጩ ውሳኔውን ይዞ የአፈጻጸም መዝገብ ለመክፈት ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ናሙናውን እንደገና አይመረምርም፤ ባዕድ ነገሩ 7 ነው 5 ነው የሚለው ክርክር ተዘግቷል። የሚታየው ውሳኔው በሥርዓቱ የተሰጠ መሆኑ ነው፤ ገዢው ጥሪ ደርሶት ነበር ወይ፣ ጉባኤው ከስምምነቱ አልወጣም ወይ የሚለው። ለዚህም ነው ጠንቃቃ ሰብሳቢ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የተላከውን ጥሪ ከፊርማው ጋር መዝገቡ ላይ አያይዞ የሚያስቀምጠው።