በብስኩቱ ጀርባ ያለው «ስኳር 8 ግራም» የስንቱ ነው?

በመስቀል አደባባይ ለጠዋት ሩጫ የሚወጣ ሰው ከስታዲየም አካባቢ ሱቅ የገዛው ብስኩት ጀርባው ላይ «ስኳር 8፣ ፋይበር 1፣ ፕሮቲን 2 ግራም» ይላል እንበል። አሳሳቹ ከላይ በደቃቁ የተጻፈው ነው፤ ቁጥሩ የ30 ግራም፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ድርሻ ነው። እሽጉ ግን 90 ግራም ይመዝናል፤ ማንስ ሲሶውን በልቶ ያስቀምጣል? ሁሉንም በሦስት ያባዙ፤ ስኳሩ 24 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ፋይበሩ 3፣ ፕሮቲኑ 6 ብቻ። ሁለት ብስኩቶችን ለማወዳደር የ100 ግራሙን ዓምድ ይመልከቱ፤ የድርሻው መጠን ከአምራች አምራች ይለያያልና።

ሊሮጡ ሲሉ ስኳሩ ቶሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ፋይበር የበዛበት ግን ሆድ ሊነፋ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚዞር ሰው ፋይበሩና ፕሮቲኑ ከፍ ያለው ይሻላል፤ ረሃቡን ያዘገይለታል።