አፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፦ ስለ አማርኛ ደቢንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ትርጉሙ ትክክል ከሆነ ድምፁ በራሱ ይገጥማል።»

ደቢንግ የቪዲዮን ንግግር በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት ነው። ለሰብታይትል የሚያምር ዓረፍተ ነገር ግን ለአፍ ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው።

አንድ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ «አይ ቶልድ ዩ» ይላል እንበል። ትንሽ ዝም ይልና «ሂ ኔቨር ኬም ሆም» ብሎ ይጨርሳል። የመጀመሪያው ክፍል 0.7 ሰከንድ፣ ዝምታው 0.6፣ ሁለተኛው ክፍል 1.1 ሰከንድ ይፈጃል። መጀመሪያ የሚመጣልን ትርጉም «ወደ ቤት እንዳልመጣ ነግሬሃለሁ» ነው። ትርጉሙ ልክ ነው። ግን ዝምታው ላይ ለሁለት ስንከፍለው «ወደ ቤት እንዳልመጣ» የሚለው ሰባት ቀለም፣ ማለትም ሰባት የንግግር ምት፣ በ0.7 ሰከንድ ውስጥ መታጨቅ አለበት። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ስሜቱ ነው። ሰውየው የተቆጣው «ነግሬህ ነበር» ሲል ነው፤ የእኛ ተዋናይ ግን ያን ጊዜ ስለ ቤት እያወራ ነው። ፊቱና ቃሉ ተለያዩ ማለት ነው።

መፍትሔው ዝምታውን እንደ ነጥብ ቆጥሮ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው፦ «ነገርኩህ። እሱ ቤት አልመጣም።» «ነገርኩህ» ሦስት ቀለም ነው፤ «አይ ቶልድ ዩ»ም ሦስት። ሁለቱም ሲያልቁ ከንፈር ይሞጠሙጣል። በሁለተኛው ክፍል «አልመጣም» ሁለት ጊዜ ከንፈር ያስገጥማል፤ «ኬም ሆም»ም እንደዚያው። ቦታቸው ፍጹም አንድ ባይሆንም ይቀራረባል። የመጨረሻው መዘጋት ግን ልክ «ሆም» ላይ ያርፋል። «ኔቨር» የያዘው ጫና በቃል አልተተረጎመም፤ ተዋናዩ «አልመጣም»ን ረገጥ አድርጎ ሲለው በድምፁ ይመጣል።

«እያንዳንዱ ድምፅ ከከንፈሩ ጋር መግጠም አለበት።»

ይህን ያመነ ተርጓሚ ሰው የማይናገረውን አማርኛ ይጽፋል። ተመልካች ቀ፣ ከ፣ ገ ወይም ሀ ሲባል ከአፍ ምንም አያይም፤ የሚሠሩት ወደ ኋላ፣ አንዳንዱም ጉሮሮ ውስጥ ነው። ዓይን የሚይዘው ከንፈር ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ነው፤ በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ላይ ማለት ነው። ቀጥሎ ፈ እና ቨ ይመጣሉ፤ የታችኛው ከንፈር ጥርስ ይነካል። በ እና መ ደግሞ በከንፈር ብቻ አይለዩም። ስለዚህ ሰውየው «መ» ያለበት ቦታ ላይ «በ» ብትሉ ማንም አያውቅም።

ይህም ቢሆን የሚያስፈልገው ፊት በቅርብ ሲታይ ነው። ሰውየው ሩቅ ከሆነ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁም አብሮት ቢጀምርና ቢያበቃ ይበቃል። ጀርባውን ከሰጠማ ነጻ ናችሁ፤ ረዘም ያለውን ቃል እዚያ አሳርፉት።

አማርኛ ላይ ለብቻው መታየት ያለበት የአሉታ «ም» ነው። አላውቅም፣ አልሄድም፣ የለም፣ ሁሉም ከንፈር ዘግተው ያልቃሉ። እንግሊዝኛው «አይ ዶንት ኖው» ሲል ግን አፍ ክብ ሆኖ ክፍት ይቀራል። በቅርብ ፊት ላይ «አላውቅም» ብትሉ መጨረሻው ጎልቶ ይሳሳታል። «እኔንጃ» ይሻላል፤ ሦስት ቀለም ነው፣ አንድም ቦታ ከንፈር አይገጥምም። ባሕርይው «እኔንጃ» የሚል ሰው ካልሆነ «አላውቅም እኮ» አለ። ክብ ሆኖ ያልቃል፣ ግን ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖር ብቻ ይሠራል።

«መስመሩ ከረዘመ በሶፍትዌር ማፍጠን ነው።»

ጥቂት በመቶ ማፍጠን አይሰማም። ከዚያ ሲያልፍ ተናጋሪው የቸኮለ ይመስላል፤ ጥብቅ የሆኑ ድምፆችም ይዋጣሉ። መጀመሪያ ቃል ቀንሱ። የአማርኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም ስለሚይዝ «እኔ አንተን አየሁህ» «አየሁህ» ብቻ ሆኖ ሙሉ ነው። በተቃራኒው ጊዜ ሲተርፍ «እኔ» ወይም «እኮ» መልሶ ማስገባት ይቻላል። ከላይ «እሱ» የገባው ለዚሁ ነው። ቀረጻ ከመግባታችሁ በፊት የቪዲዮውን ድምፅ አጥፍታችሁ፣ ከተናጋሪው ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ተዋናዩንም ያጥረዋል።

«ድምፁ ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ያው ነው።»

ያው አይደለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ሰው ያስተውላል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ላያስተውል ይችላል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር በየት በኩል እንደሚሳሳት ካልለያችሁ፣ ድምፁን በአንድ ፍሬም አዘግይታችሁ እንደገና እዩት።